የአጭር ፊልም እንግሊዝኛ ሰብታይትል ለፌስቲቫል፦ በስልክ አፕ፣ በሪዞልቭ፣ በሰብታይትል ኤዲት ወይስ ለባለሙያ ከፍሎ?

ኮምቦልቻ ላይ የሰራነውን የ11 ደቂቃ ፊልም ለፌስቲቫል ለመላክ ስንዘጋጅ ትርጉሙን በሁለት ማታ ጨረስነው፣ ሰብታይትሉን በትክክል ማስቀመጡ ግን ሶስት ሳምንት ፈጀብን። መንገዱን ሶስት ጊዜ ስለቀየርን ነው ያን ያህል የቆየው። በስልክ አፕ ጀመርን፣ ከዛ ኮምፒውተር ላይ ወደሚሰራው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ወደ ሪዞልቭ ዞርን፣ መጨረሻ ላይ ሰብታይትል ኤዲት የሚባል ፕሮግራም ላይ አረፍን፣ በመሃልም ለሰው ከፍለን አይተነዋል። ከደሴም ከኮምቦልቻም ፊልም የሚሰሩ ልጆች በምን እንስራው እያሉ ስለሚጠይቁኝ አራቱንም መንገድ ጎን ለጎን አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

የቱ ይሻላል ከማለታችን በፊት ጥሩ ሰብታይትል በምን እንደሚለካ እንስማማ። እኔ አራት ነገር ነው የማየው።

አንደኛው የመስመር ርዝመት ነው። አንድ ሰብታይትል ከሁለት መስመር አይበልጥም፣ አንዱ መስመር ደግሞ ከ42 ፊደል አይበልጥም፣ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ኮማውም ተቆጥሮ ማለት ነው። 42 ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ የሚጠቀምበት ልክ ነው፣ ቲቪ ላይ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ደግሞ 37 አካባቢ ነበር። እኔ 42ን እንደ ጣሪያ ይዤ ከ38 በታች ለማድረግ ነው የምሞክረው፣ ምክንያቱም ፊልም የሚመርጡት ሰዎች የመጀመሪያውን ዙር የሚያዩት ብዙ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ስልክ ላይ፣ እዛ ላይ ረጅም መስመር ዓይንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬዳል ፊቱን ደግሞ ያስመልጣል።

ሁለተኛው የንባብ ፍጥነት ነው። የሰብታይትሉን ፊደል ቆጥራችሁ ስክሪን ላይ በሚቆይበት ሰከንድ ታካፍላላችሁ። ኔትፍሊክስ ለአዋቂ እንግሊዝኛ በሰከንድ እስከ 20 ፊደል ይፈቅዳል፣ ለፌስቲቫል ግን 17 ላይ ብትቆሙ ነው ምክሬ። ክሌርሞን ፌራንም በሉት ደርባን ወይ ሌላ ቦታ፣ ፊልማችሁን የሚያየው ሰው እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። እና ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፣ አማርኛ ሲተረጎም ይረዝማል። "አልነገርኩህም" ስምንት ፊደል ናት፣ እንግሊዝኛው `I didn't tell you` ሲሆን 17 ይሆናል። ሰውየው በግማሽ ሰከንድ ያላትን ቃል ተመልካቹ ለማንበብ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈልጋል። ወሎዬ ደግሞ ሲጫወት እንዴት እንደሚፈጥን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ሁሉንም ቃል መተርጎም አይቻልም፣ መቀነስ ግድ ነው።

ሶስተኛው ሰአቱ ነው፣ መቼ ይገባል መቼ ይወጣል። አንድ ሰብታይትል ቢያንስ ወደ አንድ ሰከንድ ይቆይ፣ ቢበዛ 7 ሰከንድ። በሁለት ሰብታይትል መሃል ቢያንስ 2 ፍሬም ባዶ ይሁን፣ አለዚያ ዓይን መቀየሩን አያውቅም፣ ያንኑ ጽሁፍ ደግሞ እንደሚያነብ ይሆናል። ሾት ሲቀየር ደግሞ ሰብታይትሉ ከለውጡ 2 ፍሬም ቀድሞ ቢወጣ ይመረጣል፣ ትንሽ ተርፎ አዲሱ ሾት ላይ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ያስጠላል።

አራተኛው፣ ማንም የማያስበው፣ እርማት ሲመጣ ስራው ስንት እጥፍ ይሆናል የሚለው ነው። እርማት ደግሞ ይመጣል፣ አትጠራጠሩ። ዳይሬክተሩ አንድ ሾት ይቆርጣል፣ እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛ አንድ ስህተት ያገኛል፣ ፌስቲቫሉ ሌላ ፎርማት ይጠይቃል።

አራቱንም የፈተንኩባት አንዲት አረፍተ ነገር

በወሬ ብቻ እንዳይሆን ከራሳችን ፊልም አንድ ቦታ ላሳያችሁ። አያትየዋ ቡና እያፈላች ለልጅ ልጇ እንዲህ ትላለች፦

"አባትህ በዛ ዝናብ ሌሊት መኪናውን ሐረጎ አናት ላይ አቁሞ፣ በእግሩ እዚህ ድረስ መጥቶ… አንተን ሳያይ ተመለሰ።"

ይሄን ለመናገር 8.4 ሰከንድ ነው የወሰደባት። "መጥቶ" ካለች በኋላ ረከቦቱን እያየች ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዛ ነው "አንተን ሳያይ ተመለሰ" የምትለው፣ ወዲያው ካሜራው ወደ ልጁ ፊት ይሄዳል። መጀመሪያ የመጣልን ትርጉም እንዲህ ነበር፦

```
Your father went back without seeing you
that rainy night, after he parked his truck
on top of Harego and walked all the way here.
```

እንግሊዝኛው ስህተት የለበትም። ፍጥነቱንም ብታሰሉት 128 ፊደል ለ8.4 ሰከንድ 15 አካባቢ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ሶስት መስመር ነው፣ ሁለተኛው 43 ሶስተኛው 45 ፊደል ነው፣ አንዱ ሰብታይትል ከ7 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቁጥር የማያሳየው ነገር ነው። አማርኛ ዋናውን ግስ እስከ መጨረሻ ይይዘዋል፣ "ተመለሰ" እስክትል ድረስ ልጁም ተመልካቹም አባትየው መጥቶ አይቶታል ብሎ ነው የሚጠብቀው። እንግሊዝኛው ግን ዋናውን ነገር ፊት ላይ አውጥቶታል። የውጭ ተመልካች አያትየዋ ገና ሐረጎ ላይ እያለች ሁሉንም ያውቀዋል፣ ዝምታዋ ለሱ ባዶ ዝምታ ይሆናል፣ የልጁ ፊት ሲመጣም የሚሰማው ነገር የለም። ትእይንቱ በአንድ ትክክለኛ ትርጉም ሞተ ማለት ነው።

ስለዚህ አንዱን የአማርኛ አረፍተ ነገር ለሶስት ከፈልነው፣ እሷ በተናገረችበት ቅደም ተከተል፦

```
41
00:04:12,200 --> 00:04:15,920
That rainy night, your father
parked his truck on top of Harego

42
00:04:16,000 --> 00:04:18,200
and walked all the way down here.

43
00:04:18,920 --> 00:04:21,120
Then he left without seeing you.
```

አሁን በመለኪያው እንየው። የመጀመሪያው 29 እና 33 ፊደል ነው፣ ድምሩ 62፣ የሚቆየው 3.72 ሰከንድ፣ ስለዚህ በሰከንድ 16.7። ሁለተኛው 33 ፊደል በ2.2 ሰከንድ፣ 15። ሶስተኛው 32 ፊደል በ2.2 ሰከንድ፣ 14.5። ፊልማችን 25 ፍሬም በሰከንድ ስለሆነ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ41 እና በ42 መሃል ያለው 80 ሚሊሰከንድ ያቺ 2 ፍሬም ናት። በ42 እና በ43 መሃል ግን ሆን ብለን 720 ሚሊሰከንድ ባዶ ተውን፣ ያ የአያትየዋ ዝምታ ነው፣ ስክሪኑም ከሷ ጋር ዝም ይበል ብለን። ሾቱ የሚቀየረው 00:04:21,200 ላይ ስለሆነ 43 ከሱ 2 ፍሬም ቀድሞ ይወጣል።

የመስመሩ አከፋፈልም ያው በሀሳብ ነው። `your father` ን ለሁለት ሰንጥቃችሁ `your` ን ላይ `father` ን ታች አታድርጉ፣ ፊደሉ ቢበቃም አይሆንም። ቅጽልን ከስሙ፣ `on` እና `of` የመሳሰሉትን ከሚከተላቸው ቃል አትለዩ፣ ነጠላ ሰረዝ ወይ የሀሳብ ማረፊያ ፈልጉና እዛ ስበሩት።

አንደኛ መንገድ፦ በስልክ ኤዲቲንግ አፕ ጽሁፍ እየለጠፉ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም እጃችን ላይ አለ። ጽሁፉን ትጽፋላችሁ፣ ታይምላይኑ ላይ ትጎትቱታላችሁ፣ አለቀ። ያቺን የአያትየዋን ቦታ እዚህ ስንሰራት ግን አንድም ቁጥር አላየንም። መስመሩ ስንት ፊደል እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም፣ ሁሉም በዓይን ግምት ነው፣ እኛ ደግሞ አማርኛውን ስለምንሰማው ሁሌም በቂ ጊዜ ያለው ይመስለናል። ጽሁፎቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ መጠናቸውም ይለያያል። ዳይሬክተራችን መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰከንድ ሲቆርጥ ከዛ በኋላ ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ በጣት መግፋት ነበረብን።

ፊልማችሁ የሁለት ደቂቃ ከሆነና አስር ያህል ንግግር ብቻ ካለው ይሄ ይበቃችኋል። ከዛ በላይ ከሆነ ግን አትጀምሩት።

ሁለተኛ መንገድ፦ ሪዞልቭ ውስጥ በሰብታይትል ትራክ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ቨርዥን ራሱ የሰብታይትል ትራክ አለው። ትልቁ ጥቅሙ ፊልሙን የቆረጣችሁበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው፣ ሾቱ የት እንደሚቀየር በፍሬም ታያላችሁ፣ የጽሁፉን ዓይነትና መጠን አንድ ጊዜ ለትራኩ ታስተካክላላችሁ ለሁሉም ይሰራል፣ ስታወጡ ደግሞ `Export Subtitle` ላይ ወይ `Burn into video` ብላችሁ ቪዲዮው ላይ ታትሙታላችሁ ወይ `As a separate file` ብላችሁ ለብቻው ፋይል ታወጣላችሁ።

ችግሩ አንደኛ ላፕቶፑ ነው። ሪዞልቭ ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ ደካማ ማሽን ላይ 130 ሰብታይትል አንድ በአንድ እያጫወታችሁ ማስተካከል ትእግስት ያስጨርሳል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ነው የሚበላው። ሁለተኛ፣ ታይምላይኑ በራሱ የሚጀምረው ከ `01:00:00:00` ነው። ያወጣችሁትን ኤስአርቲ የሚባለውን የሰብታይትል ጽሁፍና ሰአት የያዘ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት፣ የመጀመሪያው ሰብታይትል `01:` ብሎ ከጀመረ ፊልሙ ላይ ስትጭኑት ምንም አይታይም፣ ምክንያቱም አንድ ሰአት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። እኛን አንድ ቀን ሙሉ ያስለፋን ይሄ ነው፣ ፋይሉ ተበላሸ ብለን ስንት ጊዜ ደግመን አወጣነው። የታይምላይኑን መነሻ ወደ `00:00:00:00` ቀይሩት ወይ ደግሞ ፋይሉን ሰብታይትል ኤዲት ውስጥ ከፍታችሁ በአንድ ሰአት ወደኋላ ሳቡት።

ሶስተኛ መንገድ፦ ሰብታይትል ኤዲት

ይሄ ለዚሁ ስራ ብቻ የተሰራ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሰራል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አያንገራግርም። ስትከፍቱት መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መለኪያዎቹን ሙሉ፦

```
Single line max. length: 42
Max. chars/sec: 17
Min. duration, milliseconds: 1000
Max. duration, milliseconds: 7000
Min. gap between subtitles in ms: 80
```

80 የተባለው ለ25 ፍሬም ነው፣ ፊልማችሁ 24 ከሆነ 84 አድርጉት። ከዚህ በኋላ ልኩን ያለፈ ሰብታይትል ሁሉ በቀለም ይለይላችኋል፣ የመስመሩ ርዝመትና በሰከንድ ስንት ፊደል እንደሆነም ጽሁፉ ስር ይታያል። የድምፁን ሞገድ ከታች ስለሚያሳይ ንግግሩ የት እንደሚነሳ በዓይን ታዩታላችሁ፣ ያቺን የአያትየዋን 720 ሚሊሰከንድ ዝምታ ያገኘናትም ሞገዱ ላይ ነው፣ ሪዞልቭ ላይ በጆሮ ስንሰራ አልፈናት ነበር።

አሰራራችን እንዲህ ነው። ፊልሙ ኤዲቱ አልቆ ከተዘጋ በኋላ አነስ ያለ 720 ኮፒ ከሪዞልቭ እናወጣለን፣ ፍሬም ሬቱ ግን ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለበት። እሱን ሰብታይትል ኤዲት ላይ ጭነን መጀመሪያ ሰአቱን ብቻ በአማርኛው እንሰራለን፣ ማለትም ማን መቼ ተናገረ የሚለውን። ከዛ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እንተካለን፣ ቀይ የሆነውን እናሳጥራለን፣ የተዘጋጀውን ኤስአርቲ መልሰን ሪዞልቭ ውስጥ አስገብተን እዛ ነው የምናትመው። ሰአቱን አስቀድመን በአማርኛ መስራታችን ጥሩ ነገር አለው፣ ለእያንዳንዱ ንግግር ስንት ፊደል እንደሚፈቀድ ሳትተረጉሙት ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰከንድ ካለ 34 ፊደል ነው፣ ከዛ በላይ አትድከሙ።

ጉድለቱ፣ ፊልሙ በኋላ እንደገና ከተቆረጠ ሰብታይትሉ አብሮ አይቆረጥም፣ ከተቆረጠበት በኋላ ያለውን መርጣችሁ በአንዴ ማንሸራተት አለባችሁ። ከባድ አይደለም ግን ኤዲቱ ሳይዘጋ አትጀምሩ።

አራተኛ መንገድ፦ ለሰው ከፍሎ

እዚህ ጋር ሁለት ዓይነት ሰው አለ፣ ልዩነቱን ሳናውቅ ከፍለን ነው የተጎዳነው። አንዱ ዶክመንት ተርጓሚ ነው፣ የልደት ሰርተፍኬትና የትምህርት ማስረጃ የሚተረጉም፣ እሱ ስክሪፕቱን ወርድ ፋይል አድርጎ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ሰብታይትል የሚሰራ ሰው ነው፣ ኤስአርቲ ፋይል ይሰጣችኋል። ለኛ የመጣልን የመጀመሪያው ነበር፣ ያቺ 128 ፊደል ያላት ባለሶስት መስመር ከሱ ነው የመጣችው። ሰውየው ጥፋት የለበትም፣ ወረቀት ላይ ትክክል ነበር፣ ስክሪን ላይ እንደሚሆን ያልነገርነው እኛ ነን።

ለሰው መክፈል ከፈለጋችሁ በጽሁፍ ይህን አስቀምጡ፦ የሚያስረክበው ኤስአርቲ እንደሆነ፣ በመስመር 42 በሰከንድ 17 ፊደል እንደሆነ፣ ከመጨረሻው ኤዲት ላይ እንደሚሰራ፣ ሁለት ዙር እርማት ዋጋው ውስጥ እንደሚገባ። ከፊልሙ ጋር ደግሞ የሰዎቹን ዝምድናና የአካባቢውን አነጋገር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ላኩለት። የወሎን አነጋገር የማያውቅ ሰው "አብሽር" ላይ ይቆማል ወይ ይዘላታል፣ እኛ `Take heart.` ብለን ነው ያስቀመጥናት፣ አስራ አንድ ፊደል፣ አንድ ሰከንድ ትበቃታለች። "እኔን!" ደግሞ ቃል በቃል `Me!` ተብላ መጥታልን ነበር። ልጁ ሲወድቅ እናትየዋ "እኔን!" ስትል የውጭ ሰው `Me!` ብሎ ቢያነብ እሷም የወደቀች ይመስለዋል፣ `Oh, my dear!` አልናት። እንግዳ ሲገባ "ኖር!" ብለው ሲነሱለትም እንዲሁ፣ መነሳታቸው በምስሉ ስለሚታይ ምንም አልጻፍንበትም። ምስሉ የተናገረውን ሰብታይትሉ አይድገመው፣ ፊደል ትቆጥባላችሁ።

እኔ ዋጋ አለው የምለው አከፋፈል ግን ሌላ ነው። ሰአቱንና የመጀመሪያውን ትርጉም ራሳችሁ ስሩት፣ ገንዘቡን እንግሊዝኛው ጠንካራ ለሆነ ሰው ለማረም ብቻ ክፈሉ፣ እሱም ኤስአርቲውን ከቪዲዮው ጋር እያየ ያርም። ፊልሙን ከናንተ በላይ የሚያውቅ ተርጓሚ የለም።

ሲላክ ቪዲዮው ላይ ይታተም ወይስ ለብቻው ፋይል?

ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ በተለያየ ጊዜ። ለምርጫ የምትልኩት ሊንክ ላይ የታተመ ይሁን። መራጩ በቀን ስንት ፊልም ነው የሚያየው፣ የሰብታይትል ቁልፉን ፈልጎ ይጫን ማለት አይቻልም፣ ካልተጫነ ደግሞ ፊልማችሁን በማያውቀው ቋንቋ ነው የሚያየው። ፊልሙ ከተመረጠ በኋላ ግን ምንም ያልታተመበት ንጹህ ኮፒ እና ኤስአርቲ ፋይሉ ይፈለጋል፣ ለሲኒማ የሚሆነውን ዲሲፒ ለመስራትም፣ በፈረንሳይኛ ወይ በሌላ ቋንቋ መድረክ ላይ ለማሳየትም። የታተመውን ብቻ ይዞ ንጹሁን ያጠፋ ሰው እዛ ጋር ይቸገራል።

እርማቱንም አስቡት። የኛ ፊልም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሆኖ ሲወጣ 800 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ የታተመው ላይ አንድ ኮማ ለማስተካከል ያን ሁሉ እንደገና ማውጣትና በኛ ኢንተርኔት እንደገና መጫን ነው። ኤስአርቲው ግን አስር ኪሎባይት ገደማ ናት፣ በቴሌግራም ትሄዳለች። ስለዚህ ኤስአርቲውን ሰው አይቶት፣ ታርሞ፣ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚታተመው።

ስታትሙ ለነጭ ነገር ተጠንቀቁ። ቡና የሚፈላበት ትእይንት ላይ አያትየዋ ነጠላ ለብሳ ስክሪኑ ታች ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ነጭ ጽሁፍ ነጠላው ላይ ሲያርፍ ጠፋ። ቀጭን ጥቁር ዙሪያ ስናደርግለት ነው የተነበበው። ቀለሙን ቢጫ አድርጉት የሚል ይኖራል፣ ነጭ በጥቁር ዙሪያ ግን ሁሉም ትእይንት ላይ ይሰራል።

ሌላው ፍሬም ሬት ነው። በ25 የተሰራ ፊልም ዲሲፒ ሲሰራ ወደ 24 ተጎትቶ ከዘገየ የ11 ደቂቃው ፊልም 27.5 ሰከንድ ይረዝማል፣ ኤስአርቲው ግን በድሮው ሰአት ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ሰብታይትል ልክ ሆኖ ወደ መጨረሻው እየሄደ እየራቀ ከመጣ የፍሬም ሬት ችግር ነው፣ ሰብታይትል ኤዲት ውስጥ `Change frame rate` ይፈታዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከተዛነፈ ግን የመነሻ ሰአት ነው፣ ሁሉንም በአንዴ ማንሸራተት ይበቃል። በስልክ የቀረጻችሁ ደግሞ ስልክ ፍሬም ሬቱን እየቀያየረ ስለሚቀርጽ ከጥሬው ፋይል ላይ ሰብታይትል አትስሩ፣ ከኤዲቲንግ ከወጣው ላይ ብቻ።

በአጭሩ

| | የስልክ አፕ | ሪዞልቭ | ሰብታይትል ኤዲት | ለሰው መክፈል |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ | የለም | የለም | የለም | እንደ ስምምነቱ |
| የመስመር ርዝመትና ፍጥነት ቁጥጥር | በዓይን ግምት | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | እንደ ሰውየው |
| ሰአትን በፍሬም ማስተካከል | ደካማ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ ሰውየው |
| የሚፈልገው ማሽን | ስልክ | ጠንካራ ላፕቶፕ | አሮጌም ይሆናል | ምንም |
| ፊልሙ እንደገና ከተቆረጠ | ሁሉንም በእጅ | ቀላል | መካከለኛ | ሌላ ክፍያ |
| የሚሻለው | ለ2 ደቂቃ ፊልም | ለማተም | ሰአትና ትርጉም ለመስራት | ለማረም |

ታዲያ ማን የቱን ይያዝ

ገንዘብ ከሌላችሁና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ሰብታይትል ኤዲት ላይ ሁሉንም ስሩ፣ ለማተም ብቻ ጠንካራ ማሽን ያለው ጓደኛ ጋር አንድ ከሰአት ሂዱ። ጠንካራ ላፕቶፕ ካላችሁና ኤዲቱ ገና እየተቀያየረ ከሆነ ሪዞልቭ ውስጥ ጀምሩት፣ ኤዲቱ ሲዘጋ አውጥታችሁ ሰብታይትል ኤዲት ላይ ርዝመቱንና ፍጥነቱን አስተካክሉት። ትንሽ ብር ካላችሁ ለማረም አውሉት። የፌስቲቫሉ ቀነ ገደብ አምስት ቀን ከቀረውና ሙሉ ብር ካላችሁ ለሰብታይትል ሰሪ ስጡት፣ ግን ሰአቱን የሰራችሁትን የአማርኛ ኤስአርቲ ጨምራችሁ ስጡት፣ እሱ ቀናቶቹን ለትርጉሙ ያውላቸዋል። ፊልማችሁ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ወይ አፋርኛ ተቀላቅሎ ከሆነ፣ ወደ ባቲ በኩል የሚቀርጹት እንደሚያጋጥማቸው፣ ለሁለተኛው ቋንቋ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ሳይኖር ለማንም አትስጡ፣ ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈውና ተዋናዩ ካሜራ ፊት ያለው ብዙ ጊዜ ይለያያል።

ከመላኩ በፊት ፊልሙን ላላየ፣ ቢቻል አማርኛ ለማይሰማ ሰው፣ ስልክ ላይ አሳዩት። እኛ አማርኛ የሚችል ሰው ብቻ ስላገኘን ድምፁን አጥፍተን ነው ያሳየነው፣ እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን የሰውየውን ዓይን እዩ። አንብቦ ሳይጨርስ የጠፋበት ቦታ ላይ ግንባሩ ይቋጠራል፣ ሰአቱን ጻፉት። የኛው ሰውዬ ስድስት ቦታ ላይ ተቋጥሯል፣ አምስቱ በሰከንድ ከ17 በላይ የነበሩ፣ ልለፋቸው ብዬ የተውኳቸው ናቸው። ስድስተኛው ላይ ፍጥነቱ ልክ ነበር ግን የሁለት ሰው ንግግር አንድ ሰብታይትል ውስጥ ያለ ሰረዝ አስቀምጠነው ማን ምን እንዳለ ጠፍቶበት ነው፣ እንዲህ አድርገን አስተካከልነው፦

```
- Did he eat?
- He didn't even sit down.
```